የጨረታ ግምገማ ሪፖርትን ለግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ በአንድ ገጽ ማጠቃለል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአንድ ምሳሌ ላይ ይመላለሳሉ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 100 ላፕቶፕ ለመግዛት በሁለት ኤንቨሎፕ ግልጽ ጨረታ አወጣ፤ ስድስት ተጫራቾች ሰነድ አስገቡ፤ ገምጋሚ ኮሚቴው 46 ገጽ ሪፖርት ጻፈ። የግዥ ባለሙያው ይህን ሪፖርት ወደ አንድ ገጽ የውሳኔ ሐሳብ መቀየር አለበት። ምሳሌው ለማስረዳት ያዘጋጀነው ነው። ችግሮቹ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሚያጋጥሙ ናቸው።

አንድ ገጹ ሪፖርቱን ይተካል ማለት ነው?

አይተካም። ውሳኔው የሚመሠረተው በሪፖርቱና በአባሪዎቹ ላይ ነው፤ አቤቱታ ቢቀርብ ወይም ኦዲተር ቢመጣ የሚገለጠውም ሪፖርቱ ነው። የአንድ ገጹ ሥራ አጽዳቂ ኮሚቴው ምን እንዲያጸድቅ እንደተጠየቀ፣ በምን ምክንያት እንደሆነና ማስረጃው ሪፖርቱ ውስጥ የት እንዳለ ማሳየት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት ማጠቃለያውን የሪፖርቱ ትንሽ ቅጂ አድርጎ ማሰብ ነው። ሪፖርቱ የሚሄደው በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፦ ማስታወቂያው መቼ ወጣ፣ ሰነድ ስንት ሰው ገዛ፣ መቼ ተከፈተ፣ እያለ አሸናፊው ጋ የሚደርሰው ገጽ 38 ላይ ነው። ማጠቃለያው ይህን መንገድ ከተከተለ የገጹ ሁለት ሦስተኛ በታሪክ ይሞላና ለውሳኔው ሦስት መስመር ይቀርለታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የውሳኔ ሐሳቡ ራሱ ነው።

ሪፖርቱን ከየት ጀምሬ ላንብበው?

ከሪፖርቱ አይጀምሩ፤ ከጨረታ ሰነዱ ይጀምሩ። የግምገማ መስፈርቱንና የተጫራቾች መመሪያውን አውጥተው አራት ነገሮችን በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ አሸናፊ የሚመረጠው በዝቅተኛ ዋጋ ነው ወይስ በነጥብ፣ ያላሟላ የሚወድቅባቸው ግዴታ መስፈርቶች የትኞቹ ናቸው፣ የሒሳብ ስህተት በምን ደንብ ይታረማል፣ ጨረታው ስንት ቀን ፀንቶ ይቆያል። ገምጋሚዎቹ የሠሩት ሥራ የሚለካው በእነዚህ ነው።

ቀጥለው የመክፈቻ ቃለ ጉባኤዎቹን ያንብቡ። በሁለት ኤንቨሎፕ ጨረታ ሁለት ቃለ ጉባኤ አለ፤ የቴክኒኩና የፋይናንሱ። ከዚያ ወደ ሠንጠረዦቹ ይሂዱ፤ ሐተታውን በመጨረሻ ያንብቡት። ሐተታው ቀድሞ ከተነበበ አንባቢው የገምጋሚዎቹን መደምደሚያ ይዞ ወደ ሠንጠረዡ ስለሚገባ ቁጥሩ ባይገጥም እንኳ ዓይኑ ያልፈዋል።

በዚህ ንባብ ጊዜ ሊጠቀሙበት ያሰቡትን እያንዳንዱን ቁጥር ከነገጹ ይመዝግቡ። መጨረሻ ላይ አንድ ገጹ ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ «ገጽ ይህን ያህል» የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል። ገጹን ሊያገኙለት ያልቻሉት ቁጥር ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ ከቃል ወሬ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ይሰረዛል።

በመክፈቻው ቀን ዝቅተኛ ዋጋ የተነበበለት ተጫራች አሸናፊ ካልሆነ እንዴት ልጻፈው?

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። ከአጽዳቂ ኮሚቴው አባላት አንዱ በመክፈቻው ዕለት የተነበበውን ዋጋ ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ተጫራቾቹማ ጽፈው ይዘውታል። ማጠቃለያው ከተነበበው ወደ ተገመገመው ዋጋ እንዴት እንደተደረሰ ካላሳየ ስብሰባው እዚያው ላይ ይቆማል።

በምሳሌያችን የቴክኒክ ግምገማውን ያለፉት ተጫራች 2፣ ተጫራች 4 እና ተጫራች 6 ናቸው። የፋይናንስ ኤንቨሎፕ ሲከፈት የተነበበው ጠቅላላ ዋጋ ይህ ነበር፦

ተጫራች 6፦ 9,740,000 ብር
ተጫራች 2፦ 10,373,000 ብር
ተጫራች 4፦ 10,522,500 ብር

በአዳራሹ ውስጥ ለነበረ ሰው አሸናፊው ተጫራች 6 ነው። የዋጋ ዝርዝር ሠንጠረዦቹ ሲታዩ ግን ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ተጫራች 6 ያስነበበው ዋጋ ከቫት በፊት ያለው ነው፤ ሠንጠረዡ ላይም ይህንኑ በግልጽ ጽፏል። ሌሎቹ ሁለቱ ቫትን ጨምረው ነው ያስነበቡት። የተጫራች 6 ዋጋ 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 11,201,000 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ተጫራች 2 ዘንድ ነው። ነጠላ ዋጋው 92,000 ብር ነው፤ በ100 ሲባዛ 9,200,000 ይመጣል። በጠቅላላ ዋጋው አምድ ላይ የጻፈው ግን 9,020,000 ነው፤ ሁለቱ አኃዞች ቦታ ተቀያይረዋል። ቫቱንም ያሰላው በተሳሳተው ድምር ላይ ነው። የጨረታ ሰነዱ ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነጠላ ዋጋው ይጸናል ስለሚል ትክክለኛው ዋጋ 9,200,000 ሲደመር ቫት፣ ማለትም 10,580,000 ብር ነው። ተጫራች 4 በ91,500 ብር ነጠላ ዋጋ 9,150,000፣ ከቫት ጋር 10,522,500 ብር ሆኖ ሳይለወጥ ቀረ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ፦ 4፣ 2፣ 6። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 57,500 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ እርማቱ ራሱ የውሳኔው እምብርት ይሆናል፤ «የሒሳብ ስህተት ታርሟል» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

በአንድ ገጹ ላይ ሦስት የዋጋ አምድ ያላት ትንሽ ሠንጠረዥ ታስገባላችሁ፦ የተነበበው ዋጋ፣ የተደረገው ማስተካከያ፣ የተገመገመው ዋጋ። ሁሉም ረድፍ በአንድ መሠረት መቆም አለበት፤ ወይ ሁሉም ከቫት ጋር፣ ወይ ሁሉም ያለ ቫት። ከሠንጠረዡ ሥር በሁለት ዓረፍተ ነገር ምክንያቱ ይጻፋል፤ እርማቱ የተደረገበት የጨረታ ሰነዱ አንቀጽና ተጫራቹ እርማቱን በጽሑፍ የተቀበለበት ደብዳቤ ገጽም ይጠቀሳል።

ሒሳቡን ራስዎ እንደገና ይሥሩት። የገምጋሚዎቹ የኤክሴል ፋይል ትክክል ነው ብሎ መቅዳት አይገባም፤ ከተጫራቹ ኦርጅናል የዋጋ ዝርዝር ተነስተው ነጠላ ዋጋን በብዛት ያባዙ፣ በ1.15 ያባዙ። ለሦስት ተጫራቾች አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ውድቅ የሆኑትን ተጫራቾች ምን ያህል ልግለጻቸው?

ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሦስት ነገር መያዝ አለበት፦ ምን ተጠየቀ፣ ምን ቀረበ፣ የት ይገኛል። የገምጋሚ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ብለው ይጽፋሉ፦

«ተጫራች 5 ያቀረበው ሰነድ በተለያዩ ምክንያቶች ከተፈላጊው ዝርዝር መግለጫ ጋር ባለመጣጣሙ ከውድድር ውጭ ሆኗል።»

ይህን ያነበበ የኮሚቴ አባል ምንም አላወቀም። ተጫራቹም በደብዳቤ ቢደርሰው አቤቱታ ይጽፋል፤ ልክም ነው። ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦

«ተጫራች 5፦ ዝቅተኛው የራም መጠን 16 ጊጋ ባይት ተብሎ ሲጠየቅ 8 ጊጋ ባይት አቅርቧል (ገጽ 22)።»

ሁለተኛው አጭርም ነው፣ ግልጽም ነው። ተጫራቹ የወደቀበት ከአንድ በላይ ምክንያት ካለ በአንድ ገጹ ላይ ወሳኙን ብቻ ይጻፉ፤ ለተጫራቹ በሚላከው ማሳወቂያ ደብዳቤ ላይ ግን ሁሉም ምክንያቶች መዘርዘር አለባቸው።

የጨረታ ማስከበሪያ ሲሆን የቀን አቆጣጠሩን በጥንቃቄ ይዩት። ጨረታው ጥር 20 ቀን 2017 ተከፈተ፤ ለ90 ቀን ፀንቶ ይቆያል፤ ስለዚህ ሚያዝያ 20 ያበቃል። ሰነዱ ማስከበሪያው ከዚያ በላይ ለ28 ቀን እንዲጸና ስለሚጠይቅ ዋስትናው እስከ ግንቦት 18 መድረስ ነበረበት። ተጫራች 1 ያመጣው የባንክ ዋስትና የሚያበቃው እንደ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ነው፤ ይህም ሚያዝያ 20 ነው። የዋስትናውን ጊዜ ሳይሆን የጨረታውን ጊዜ ቆጥሮ ነው ያስጻፈው፤ 28 ቀን ጎደለው። ባንኮች ዋስትናውን በፈረንጅ ቀን ሲጽፉትና መሥሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ ቀን ሲያስብ እንዲህ ያለው ጉድለት በቀላሉ ይሰወራል። በማጠቃለያው ሁለቱንም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል።

ሌላ አንድ ነገር፦ በቴክኒክ የወደቁት ተጫራቾች የፋይናንስ ኤንቨሎፕ አልተከፈተም። ስለ ዋጋቸው አንድም ቃል አይጻፍ። «ርካሽ ነበር ይባላል» የሚል ነገር ከሰማችሁም ቦታው እዚህ አይደለም።

ከአሸናፊው ማብራሪያ ተጠይቆ ከነበረ እንዴት ይገለጻል?

እዚህ ላይ አንዲት ግስ ጨረታውን ልታበላሽ ትችላለች። በምሳሌያችን የጨረታ ሰነዱ ለላፕቶፖቹ የ3 ዓመት ዋስትና ይጠይቃል። ተጫራች 4 በማቅረቢያ ቅጹ ላይ 3 ዓመት ብሎ ሞልቷል፤ ያያያዘው የአምራቹ ብሮሹር ግን 1 ዓመት ይላል። ገምጋሚዎቹ በደብዳቤ ጠየቁት፤ እሱም የቅጹ 3 ዓመት ያቀረበው መሆኑን፣ ብሮሹሩ ለሁሉም ገበያ የሚታተም አጠቃላይ ጽሑፍ መሆኑን ጽፎ መለሰ።

ይህ በማጠቃለያው ላይ «ተጫራች 4 የ3 ዓመት ዋስትና ለመስጠት ተስማምቷል» ተብሎ ከተጻፈ ትርጉሙ ተለወጠ። ተጫራቹ ሰነዱ ከተከፈተ በኋላ ያቀረበውን እንዳሻሻለ ያስመስላል፤ ይህ ደግሞ በማብራሪያ ስም የማይፈቀድ ነገር ነው። ተጫራች 2 ይህን ቢያይ የሚጽፈው አቤቱታ ዝግጁ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ «በማቅረቢያ ቅጹ ያሰፈረው የ3 ዓመት ዋስትና የጸና መሆኑን አረጋግጧል (ገጽ 29)» ነው። «ተስማምቷል»፣ «አስተካክሏል»፣ «ጨምሯል» የሚሉ ቃላት ስለ ማብራሪያ ሲጻፍ በሩቁ ይወገዱ፤ እውነትም ጨምሮ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የቃል ሳይሆን የግምገማው ነውና ሪፖርቱ ይመለሳል።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ በሐሳብ ተለይቶ ከሆነ አንድ ገጹ ላይ መግባት አለበት?

አዎ፣ አለበት። የልዩነት ሐሳብ በአባሪ ተቀብሮ ማጠቃለያው «በሙሉ ድምፅ» የሚል ከሆነ ያ ሐሰት ነው፤ አጽዳቂው በሙሉ መረጃ እንዳይወስንም ያደርገዋል። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ልዩነቱ በምን ላይ ነው፣ ብዙኃኑ ለምን አልተቀበለውም።

ተጫራች 3 የወደቀው የአምራች ውክልና ደብዳቤ ስላላያያዘ ነው፤ ያመጣው የአከፋፋይ ደብዳቤ ነው። ከአምስቱ ገምጋሚዎች አንዱ ደብዳቤው በማብራሪያ ሊጠየቅ ይገባ ነበር ብሏል። አራቱ ደግሞ ሰነዱ የአምራቹን ደብዳቤ ከጨረታው ጋር መቅረብ ያለበት ግዴታ መስፈርት አድርጎ ስላስቀመጠው፣ በኋላ መቀበል ማብራሪያ ሳይሆን የጎደለ ሰነድ ማሟላት ነው ብለው ወሰኑ። ማጠቃለያ ጸሐፊው በዚህ ላይ የራሱን ፍርድ አይጨምርም፤ ሁለቱንም ወገን እያንዳንዳቸው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚሉት ቃል ያስቀምጣል። ልዩነቱን ከመላክዎ በፊት ለተለየው አባል ማሳየት ጥሩ ልማድ ነው።

ከ46 ገጽ ምን ምን ይቅር?

ማስታወቂያው የወጣበት ጋዜጣና ቀን፣ ሰነድ የገዙት ዝርዝር፣ የአዋጅና የመመሪያ አንቀጾች ቅጂ፣ የቴክኒክ ማወዳደሪያው ሙሉ ሠንጠረዥ፣ የንግድ ፈቃድና የታክስ ክሊራንስ ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ሁሉም ይቅር። የሚፈለጉት ሪፖርቱ ውስጥ ነው።

ሕግን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በፌዴራል ደረጃ የግዥ አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ከቀድሞ ሪፖርት እየተገለበጠ «በአዋጅ ቁጥር 649/2001 መሠረት» የሚለው ሐረግ ግን እስከ አሁን በየሰነዱ ይገኛል። ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። በአንድ ገጹ ላይ ከአዋጅ ቁጥር ይልቅ የጨረታ ሰነዱን አንቀጽ መጥቀስ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ተጫራቾቹ የተወዳደሩት በእሱ ነውና።

አንድ ገጹ ሲያልቅ ምን ይመስላል?

እንዲህ፦

> ለ፦ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ
> ጉዳዩ፦ የ100 ላፕቶፕ ግዥ የውሳኔ ሐሳብ
> ቀን፦ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> የውሳኔ ሐሳብ። የ100 ላፕቶፕ ግዥ ለተጫራች 4 ቫትን ጨምሮ በብር 10,522,500 (አሥር ሚሊዮን አምስት መቶ ሃያ ሁለት ሺህ አምስት መቶ) እንዲሰጥ ኮሚቴው እንዲያጸድቅ ይጠየቃል። ርክክቡ ውል ከተፈረመ በ60 ቀን ውስጥ ነው።
>
> ምክንያት። የጨረታ ሰነዱ አሸናፊ የሚለየው የቴክኒክ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በዝቅተኛ የተገመገመ ዋጋ ነው ይላል። ካቀረቡት 6 ተጫራቾች 3ቱ መስፈርቱን አሟልተዋል፤ ከእነሱ መካከል ዝቅተኛው የተጫራች 4 ነው።
>
> | ተጫራች | የተነበበ ዋጋ | ማስተካከያ | የተገመገመ ዋጋ ከቫት ጋር | ደረጃ |
> |---|---|---|---|---|
> | 4 | 10,522,500 | የለም | 10,522,500 | 1 |
> | 2 | 10,373,000 | + 207,000 | 10,580,000 | 2 |
> | 6 | 9,740,000 | + 1,461,000 | 11,201,000 | 3 |
>
> ተጫራች 2፦ ነጠላ ዋጋው (92,000) በ100 ሲባዛ 9,200,000 ሆኖ ሳለ 9,020,000 ተብሎ ተደምሯል። በጨረታ ሰነዱ ደንብ ነጠላ ዋጋው ጸንቷል፤ ተጫራቹ እርማቱን በደብዳቤ ተቀብሏል (ገጽ 36)። ተጫራች 6፦ የተነበበው ዋጋ ቫትን አያካትትም (ገጽ 33)። ሙሉው ማወዳደሪያ ገጽ 38 ላይ ነው።
>
> ውድቅ የሆኑ። ተጫራች 1፦ የጨረታ ማስከበሪያው እስከ ግንቦት 18 መጽናት ሲገባው ሚያዝያ 20 ያበቃል (ገጽ 9)። ተጫራች 3፦ የአምራች ውክልና ደብዳቤ አላቀረበም (ገጽ 18)። ተጫራች 5፦ 16 ጊጋ ባይት ራም ሲጠየቅ 8 አቅርቧል (ገጽ 22)።
>
> ኮሚቴው ሊያውቃቸው የሚገቡ። (1) በተጫራች 3 ላይ የተሰጠው ውሳኔ 4 ለ 1 ነው። አንድ አባል ደብዳቤው በማብራሪያ ሊጠየቅ ይገባ ነበር ብለዋል፤ ብዙኃኑ ይህ የጎደለ ግዴታ ሰነድን ማሟላት ይሆናል ብለው አልተቀበሉትም (ገጽ 31)። (2) ተጫራች 4 በቅጹ ያሰፈረው የ3 ዓመት ዋስትና የጸና መሆኑን አረጋግጧል (ገጽ 29)።
>
> በጀትና ጊዜ። የተፈቀደው በጀት 10,800,000 ብር ነው፤ 277,500 ብር ይቀራል። ጨረታው ሚያዝያ 20 ያበቃል፤ 38 ቀን ቀርቷል።
>
> ያዘጋጀው፦ ስም፣ ፊርማ  ከሪፖርቱ ጋር ያመሳከረው፦ ስም፣ ፊርማ

ሠንጠረዡ ላይ የተጫራች 2 ማስተካከያ 180,000 ሳይሆን 207,000 መሆኑን ልብ ይበሉ፤ 180,000ው ከቫት በፊት ያለው ልዩነት ነው። መሠረቱን አንዴ ከቫት ጋር ካደረጉት ማስተካከያውም ከቫት ጋር መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ረድፉ ሲደመር አይገጥምም፤ በስብሰባው ላይ ካልኩሌተር የያዘ አባል ደግሞ አይጠፋም።

«38 ቀን ቀርቷል» የሚለው ለምን አስፈለገ?

ኮሚቴው ማብራሪያ ፈልጎ ሪፖርቱን ቢመልስ ወይም አቤቱታ ቢቀርብ ምን ያህል ጊዜ እንዳለ የሚያውቀው ከዚህ ነው። ጨረታው ፀንቶ የሚቆይበት ጊዜ ካለፈ ተጫራቹ በዋጋው አይገደድም፤ የላፕቶፕ ዋጋ ከምንዛሪ ጋር በሚነቃነቅበት ገበያ ደግሞ በድሮው ዋጋ የሚፈርም ማግኘት ከባድ ነው። ማራዘም ካስፈለገ ተጫራቾቹ ከማብቂያው ቀን በፊት በጽሑፍ ተጠይቀው መስማማት አለባቸው፤ የሚስማሙትም ማስከበሪያቸውን አብረው ያራዝማሉ። የቀረው ጊዜ ከ15 ቀን በታች ከሆነ ይህን መስመር ከገጹ ግርጌ አንሥተው ከውሳኔ ሐሳቡ ሥር ያስቀምጡት።

ሳጠቃልል ሪፖርቱ ውስጥ ስህተት ባገኝስ?

በማጠቃለያው ላይ በዝምታ አያርሙት። ገጽ 38 ላይ 10,525,200 ተጽፎ እርስዎ 10,522,500 ብለው ቢያስተካክሉ፣ አጽዳቂው ያጸደቀው ቁጥርና ገምጋሚዎቹ የፈረሙበት ቁጥር ተለያዩ፤ ውሉ በየትኛው ይፈረም? ስህተቱን ከነገጹ ጽፈው ለገምጋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይመልሱ፤ ገምጋሚዎቹ በፊርማቸው የማረሚያ ቃለ ጉባኤ ይያዙ፤ እሱ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ። ማጠቃለያው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስህተቱ የቁጥር ካልሆነና በጨረታ ሰነዱ ያልነበረ መስፈርት ተጠቅመው አንድ ተጫራች ጥለው ከሆነ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ለምሳሌ ሰነዱ የባትሪ ቆይታን ሳይጠይቅ «ባትሪው ቶሎ ያልቃል» ተብሎ የተጣለ ተጫራች ካለ፣ ግምገማው ራሱ መታየት አለበት። ማጠቃለያ ጸሐፊ ይህን በቃላት ሊያለሰልሰው አይችልም፤ ማለስለስም የለበትም።

ጨረታው በነጥብ የሚገመገም ከሆነ ምን ይለወጣል?

ሠንጠረዡ ይለወጣል፤ የቴክኒክ ነጥብ፣ የዋጋ ነጥብና ድምር ይገባሉ፤ የዋጋ ነጥቡ የተሰላበት ቀመርም በአንድ መስመር ይጠቀሳል። ዋናው ጥንቃቄ በማጠጋጋት ላይ ነው፦ ሪፖርቱ 84.46 እና 84.38 ያላቸውን ሁለት ተጫራቾች ማጠቃለያው ወደ 84.5 እና 84.4 ቢያጠጋጋ ልዩነቱ የሰፋ ይመስላል፤ ወደ 84 ቢያጠጋጋ ደግሞ እኩል ይሆናሉ። ሪፖርቱ የተጠቀመውን የአስርዮሽ ቤት ሳይቀይሩ ይውሰዱ።

ከአንድ ገጽ በለጠብኝ፤ ፊደሉን ላሳንሰው?

አያሳንሱት። ከ11 ነጥብ በታች የወረደ የአማርኛ ጽሑፍ ታትሞ ሲባዛ ሆሄያቱ ይዋጣሉ፤ «8» እና «3» በኮፒ ላይ ሲምታቱም ይታያል። የበለጠው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፦ ለአሸናፊው ከተጻፈ ሙገሳና ከሒደቱ ታሪክ። «ሰፊ ልምድ ያለውና በዘርፉ የታወቀ» የሚለው ሐረግ መስፈርት ካልሆነ ይውጣ፤ ለአሸናፊው ያደላ ማጠቃለያም ያስመስላል። አሁንም ካልገባ የውድቅ ተጫራቾች ዝርዝር ወደ አንድ አባሪ ሠንጠረዥ ይዛወር፤ በገጹ ላይ ቁጥራቸውና የአባሪው ስም ብቻ ይቀመጥ። የዋጋ ማስተካከያውና የልዩነት ሐሳቡ ግን ከገጹ አይወጡም።

ማን ያመሳክረው፣ እንዴትስ ይላክ?

ያመሳከረው ሰው ከጸሐፊው የተለየ ይሁን፤ ከተቻለ ከገምጋሚዎቹም ውጭ። አንዱ ከማጠቃለያው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሌላው ሪፖርቱን ገልጦ በተጠቀሰው ገጽ ላይ ያንኑ ያያል፤ በምሳሌያችን ይህ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ውጤቱ ለተጫራቾች በይፋ እስኪገለጽ ድረስ ገጹ ምስጢር ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ አንሥቶ መላክ አሁን የተለመደ ሆኗል፤ አንድ ፎቶ ከወጣ ግን አሸናፊው ከኮሚቴው በፊት ያውቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ደብዳቤ ሳይደርሰው ቅሬታ ይዞ ይመጣል። በታሸገ ፖስታ፣ በተቀባዩ ፊርማ፣ ሪፖርቱና አባሪዎቹ አብረውት ይላካሉ። በስብሰባው ላይም ሙሉ ሪፖርቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ «ገጽ 36ን አሳዩን» ሲባል ወዲያው የሚገለጥ ሆኖ፣ በየገጹ ምልክት ገብቶበት።